አሥራ ሁለት ሺህ አዳራሽ

ባለፈው ዓመት አንዱ ኮድ ሰባት መልክ ነበረው። የከብት ክትባት በዋናው መሥሪያ ቤት የሂሳብ መደብ 320 ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ከአምስቱ የመስክ ጣቢያዎች ተሞልቶ የመጣው ግን 320፣ 320 ከነነጥቡ፣ 3-20፣ «ኮድ 320»፣ «ክትባት 320»፣ ዜሮዋ በእንግሊዝኛው ኦ የተተካችበት 320፣ እና በመጨረሻ «እንደ አምናው» የሚል ነበር። ሰው ሲያነበው ሁሉም ያው ነው። ኤክሴል ግን አይገምትም። 320ን ደምር ሲሉት 320 የሆነውን ብቻ ይደምርና ሌላውን እንዳላየ ያልፋል። የጨፋ ሮቢትን ክትባት እንደዚያ አድርጎ አለፈው። ድምሩ አዲስ አበባ ሄደ፣ በጀቱ በድምሩ ልክ ጸደቀ፣ ጥቅምት ላይ አባ ጎርባ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ ጨፋ ሸለቆ ሲገባ የጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረው የሠራተኞች የምሳ ውሃ ብቻ ነበር።

ድምሩን የሠራችው ፈይሩዝ ናት። ከሚሴ ተወልዳ ያደገች፣ ደሴ ሂሳብ አያያዝ የተማረች፣ የከብት ጤና ፕሮጀክቱ የከሚሴ ቢሮ የሂሳብ ሠራተኛ። ኮንትራቷ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይታደሳል። ያን ሰሞን ስንት ከብት እንደሞተ የነገራት ሰው የለም፤ እሷም አልጠየቀች። የሮቢት ጣቢያ ኃላፊ ጋሽ እንድሪስ ግን ለደመወዝ ሲመጣ እንደ ወትሮው ጤናዋን፣ የእናቷን ጤና፣ የታላቅ ወንድሟን የሱቅ ሁኔታ ጠይቆ፣ ፈርሞ ወጣ። አንድም ቃል አልተናገረም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ስለዚህ በ2003 ዓመተ ምሕረት፣ የበጀት ወር ከመድረሱ ሁለት ወር ቀደም ብላ፣ ማንም ሰው የፈለገውን እንዳይጽፍ የሚያደርግ ፎርማት ለመሥራት ቁጭ አለች። ያስተማራት የለም። ኤክሴል ራሱ ውስጥ ያለውን የእርዳታ ገጽ እያነበበች፣ እየተሳሳተች፣ እያጠፋችና እንደገና እየጻፈች ሠራችው። አሥራ አራቱን የወጪ መደቦች ለብቻው በሆነ ገጽ ላይ ደረደረች። በጣቢያዎቹ ያለው የድሮው ኤክሴል ከሌላ ገጽ ዝርዝር በቀጥታ አምጣ ቢሉት እሺ ስለማይል፣ ለዝርዝሩ ስም ሰጠችውና በስሙ አስጠራችው። ከዚያ ወዲያ የመደብ ሴሉን የነካ ሰው በጎኑ ትንሽ ቀስት ይወጣለታል፤ ቀስቷን ሲጫን አሥራ አራቱ መደቦች ይወርዳሉ፤ አንዱን ይመርጣል፤ ኮዱ በሚቀጥለው ሴል ላይ ከዝርዝሩ እየተፈለገ በራሱ ይሞላል። ከዝርዝሩ ውጭ በእጁ የጻፈ እንደሆነ ቀይ ምልክት ያለበት መልእክት ይመጣና ያግደዋል። ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚሰጥ፣ «ልቀጥል?» ሲሉት «ቀጥል» የሚል አማራጭም ነበር፤ ሰዎቹን ስለምታውቃቸው ያንን አልመረጠችም።

ሁለት ነገር ደግሞ በራሷ ፈቃድ ጨመረች። የመጀመሪያው፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ፎርማት ከራስጌው እስከ ግርጌው በእንግሊዝኛ ቢሆንም የመደቦቹን ስም ወደ አማርኛ መለሰችው፤ ሰው የሚመርጠውን ነገር በራሱ ቋንቋ አይቶ ይምረጥ ብላ። ሁለተኛው፣ «መግለጫ» የሚለውን ዓምድ አወጣችው። አምና ሰው ሁሉ ልቦናውን የጻፈው እዚያ ላይ ነበር። አሁን የቀረው መደብ፣ ኮድ፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ብቻ ነው።

በጥር የአምስቱን ጣቢያ ሰዎች ከሚሴ ጠርታ በራሷ ኮምፒውተር አሠለጠነቻቸው። አንድ በአንድ እየተቀመጡ ቀስቷን ተጫኑ። ዝርዝሩ ሲወርድ የባቲዋ አስያ ሳቀች። ጋሽ እንድሪስም መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አድርጎ «የእንስሳት ክትባትና መድኃኒት» የሚለውን መረጠ፤ 320 ጎኑ ላይ ብቅ ሲል ማሻአላህ አለ። ፈይሩዝ በደስታ ብዛት ሁለት ነገር አደረገች፤ ኋላ ሁለቱም ይቆጯት ነበር። የድሮውን የኮድ ወረቀት ከሁሉም ሰበሰበችና፣ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብላ ፊታቸው ቀደደችው። ቀጥላም ከዛሬ ወዲያ ስህተት ቢገኝ የሰው እንጂ የፎርማቱ አይደለም አለቻቸው።

ሰዎቹ ሻይ ጠጥተው ተበተኑ።

የካቲት ላይ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አምስቱም ፋይሎች ገቡ። ከፊሉ በኢሜይል፣ ከፊሉ በሚኒባስ ረዳት እጅ በተላከ ፍላሽ። ቀነ ገደቡ ዓርብ አምስት ሰዓት ነበር። ፈይሩዝ የመጀመሪያውን ከፍታ ልክ ያልሆነውን በቀይ እንዲከብብ ኤክሴልን አዘዘችው። አንድም ክብ አልመጣም። ሁለተኛው ላይም አልመጣም። አምስቱም ላይ አንድም ቀይ ክብ አልተገኘም።

የቅርንጫፉ አስተባባሪ አቶ ሳምሶን ከኋላዋ ቆሞ ያይ ነበር። ከደሴ ተዛውሮ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ሲሆን ሦስቱንም ዓመት በጀት ያስገባው ዘግይቶ ነው። «ንጹህ ነው» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ንጹህ» አለ። ድምሩን ጨርሳ ስትሰጠው እሷ ለምሳ እስክትወጣ ጠብቆ በኢሜይል ላከው። ከቅርንጫፎች ሁሉ አንደኛ መሆን ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጎ ነበር።

ፈይሩዝ ምሳዋን አልበላችም። የሚከነክናት ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። አምስት ጣቢያ፣ መቶ ሰባ መስመር፣ አንድ ስህተት የለም። እሷ የምታውቃቸው ሰዎች እንዲህ አይሠሩም። ተመልሳ ድምሩን በመደብ በመደብ ከፈተችው፤ የስብሰባ አዳራሽ ኪራይ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ብዛት፣ አሥራ ሁለት ሺህ። ነጠላ ዋጋ፣ ሰባት ብር። ጠቅላላ፣ ሰማንያ አራት ሺህ ብር። ጣቢያ፣ ጨፋ ሮቢት።

ጨፋ ሮቢት ውስጥ አንድም አዳራሽ የለም። ስብሰባ የሚደረገው ዛፍ ሥር ነው፤ ዛፉም አይከራይም።

320 ላይ የሮቢትን ፈለገች። ዜሮ። የባቲንም ፈለገች። ዜሮ። ባቲ ጭራሽ ሁሉንም መስመሯን ቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ውስጥ ከታዋለች፤ ከሠራተኞቹ መካከል ዘጠኝ ሺህ የሚሆኑት በሰው ሰባት ብር የሚከፈላቸው ነበሩ። የቀሩት ሦስቱ ጣቢያዎች ደህና ናቸው። አምና ቁጥሩ የጠፋው ከድምር ውጭ ሆኖ ነው። ዘንድሮ ከድምሩ ውስጥ ገብቶ፣ ትክክለኛ ኮድ ለብሶ፣ ሌላ ነገር ሆኖ ነው የጠፋው። ይኼኛውን ማንም አይፈልገውም።

ለአቶ ሳምሶን ስትነግረው መጀመሪያ መላኩን ነገራት። ቀጥሎ የፊቷን መልክ አይቶ ተቀመጠ። በእጇ እንድታስተካክለው መከራት፤ አሥራ ሁለት ሺህ በሰባት ብር ክትባት መሆኑን ማን ያጣዋል? እሷ ግን የሮቢትን ፋይል ከፍታ ዘረጋችለት። አርባ አንድ መስመር ነው። አሥራ ሁለት ሺሁስ ይሁን፤ አራት በስምንት መቶ ሃምሳ ምንድን ነው? ስልሳ በሠላሳ አምስት? መግለጫ የሚባል ዓምድ የለም። ማን አወጣው? እሷ። የሮቢት ሰው ምን ለማለት እንደፈለገ ሊናገርበት የሚችልበትን ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ ደፍናበታለች።

ለጋሽ እንድሪስ ደወለች። ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀ። የአዳራሹን ነገር ስታነሳ ቀስቷ የሰጠችውን እንደተቀበለ ነገራት። እንዴት ነው የመረጡት ብትለው፣ እንዳሳየሽን ነው አለ። ዝርዝሩ በደንብ ይታያል ወይ ብትለው፣ አልሐምዱሊላህ ሁሉ ደህና ነው አለ። ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን አየች። ከአምናው በኋላ እያሾፈባት ይሆን? እያሾፈባት ቢሆን አይፈረድበትም። ግን ጋሽ እንድሪስ በከብት አያሾፍም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ለማንም አልተናገረችም፤ ሐሙስ ጠዋት ግን ወደ ሮቢት ከሚሄደው የመጀመሪያው ሚኒባስ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላው አገዳ ታጭዶ ከብት ገብቶበታል። ከቆላ የመጣው መንጋ ከአገሬው ከብት ጋር ተቀላቅሎ የቦርከናን ዳር ይዞ ይግጣል። ሌላ ጊዜ ብትሆን ውብ ነው ትል ነበር። አሁን ስንት ናቸው እያለች ቆጠረች፤ ስልሳ ስትደርስ ተወችው።

ጋሽ እንድሪስ በር ላይ ተቀበላት። «አከም ቡልቴ፣ ልጄ። በደህና ነው?»

«በደህና ነው። ኮምፒውተሩን ልየው ብዬ ነው፣ ጋሽ እንድሪስ።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ወንበሩን በመሐረቡ ጠርጎ አስቀመጣት። ኮምፒውተሩ ያረጀ ነው፤ እንደ ሙሽራ የተሸፋፈነበት ጨርቅ በጥንቃቄ ተነሣ። ፋይሉን ከፈተች። የመደብ ሴሉን ነካች። ቀስቷ ወጣች። ተጫነቻት።

አሥራ አራት መስመር ወረደ። አንድም ፊደል የለውም። ባዶ ባዶ ሳጥን፣ በረድፍ በረድፍ፤ አንዱ መስመር ስድስት ሳጥን፣ አንዱ አሥር፣ አንዱ ሃያ።

እሷም ጋ፣ በደህና የሞሉት ሦስቱ ጣቢያዎችም ጋ ያለው አዲስ ኮምፒውተር የአማርኛውን ፊደል ከሆዱ ይዞ የመጣ ነው። ይኼኛው አሮጌው ዊንዶውስ ነው፤ ፊደሉ የለውም። እዚህ አማርኛ የሚጻፈው ለብቻው በተጫነ የድሮ የግዕዝ ፕሮግራም ነው፤ ያ ደግሞ የራሱን ፊደል እንጂ የእሷን አያውቅም። ደብዳቤው ሁሉ በአማርኛ ከዚህ ስለሚመጣ ይኖረዋል ብላ ነበር። ማሠልጠኑን በራሷ ማሽን አደረገችው። አንድ ጊዜ እንኳ እዚህ መጥታ አልሞከረችውም።

«ይታይሻል?» አለ ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብሎ።

«ሳጥን ነው።»

«ላንቺም ሳጥን ነው?» ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ከትከሻው ላይ ሸክም የወረደ ይመስላል። «እኔ እኮ ዓይኔ ነው ብዬ ደሴ ድረስ ሄጄ መነጽር አስለወጥኩ።»

ፈይሩዝ ልትስቅ ከጅላ ተወችው። ለምን አልነገሩኝም ብላ ጠየቀችው። እሱም መሬት መሬቱን እያየ፣ በሥልጠናው ቀን ስህተት ከመጣ የሰው ነው እንዳለች አስታወሳት። የሰው ከሆነ ደግሞ ሰውየው እሱ ነው። ከአምስት ጣቢያ አራቱ አንብበው እሱ ብቻ ሳጥን አየሁ ብሎ ይደውል? በሃምሳ ስምንት ዓመቱ?

«ታዲያ እንዴት መረጡ?»

«በቁመት» አለ ጋሽ እንድሪስ። «ከሚሴ ሳየው የክትባቱ ስም ረጅም ነበር። ይኸኛው ከሁሉ ይረዝማል፤ ደግሞ ከብት ትልቅ ጉዳይ ነው። ረጅሙን ሰጠሁት።»

የክትባቱ ስም ረጅም ነው እውነት። ግን «የስብሰባ አዳራሽና የማሠልጠኛ ቦታ ኪራይ» ይበልጠዋል።

ጎኑ ላይ የሚመጣው 640 የሚል ቁጥር አላጠራጠረዎትም ወይ ልትለው ነበር። ኮዱን የሚያመሳክርበት ወረቀት የት እንዳለ ትዝ አላትና አፏን ያዘች። ጠረጴዛው ላይ የታተመው ቅጂ ተቀምጧል፤ አርባ አንድ መስመር ሳጥን፣ ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ የጣቢያው ክብ ማኅተም። ማኅተሙ በጣም ጥርት ብሎ ያረፈ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ብቻ ነበር። ደብቃ በይለፍ ቃል የቆለፈችውን የዝርዝር ገጽ ከፈተች። የአማርኛውን ስም በየተራ እየደመሰሰች በእንግሊዝኛ፣ ኮዱን አስቀድማ ጻፈች፦ መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ከዚያ ስሙ። ጋሽ እንድሪስ የመድኃኒት ብልቃጥ ሲያነብ የኖረ ሰው ስለሆነ እንግሊዝኛው አላስቸገረውም። ቀስቷን ዳግም ሲጫናት አሥራ አራቱም አዲሶቹ ወረዱ። ጮክ ብሎ አነበባቸው፤ ሁሉንም።

ቀድሞ የተመረጠው ግን በዚያው ነበር። ዝርዝሩ ስለተለወጠ ሴሎቹ አብረው አይለወጡም፤ ማገጃውም የሚያግደው ሲጽፉ እንጂ ተጽፎ የቆየውን አይደለም። ፈይሩዝ ትናንት የሞከረችውን ትእዛዝ እንደገና ሰጠችው። በአንድ ጊዜ አርባ አንድ ቀይ ክብ ወጣ። በየጎኑ ያለው ኮድም የሚፈልገውን ስም ከዝርዝሩ ስላጣ ወደ ስህተት ምልክት ተለወጠ። ገጹ የደም ናሙና ይመስል ነበር። ጋሽ እንድሪስ ወደኋላ አለ።

«ይኼ ሁሉ የኔ ነው?»

«የኔ ነው» አለች ፈይሩዝ። «ይምረጡ፣ ጋሽ እንድሪስ። ከላይ ይጀምሩ።»

ከመሳቢያው በእጁ የጻፈውን ረቂቅ አወጣና ጀመረ። አራት በስምንት መቶ ሃምሳ የሞተር ሳይክል ጎማ ሆኖ ተገኘ። ስልሳ በሠላሳ አምስት የበረዶ መያዣ። አንዱን በመረጠ ቁጥር ያ ክብ ይጠፋል፣ ኮዱም ይመለሳል። አሥራ ሁለት ሺሁ ላይ ሲደርስ ጣቱን ከአይጧ ላይ አንስቶ ሱሪው ላይ ጠረገና 320 የሚለውን ተጫነ። ክቡ ጠፋ። ፈይሩዝ ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት ከሩብ። ቀነ ገደቡ ሊደርስ አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አልቀረም።

ለአስያ ከዚያው ደወለችላት። አንቺም ጋ ሳጥን ነው ወይ አለቻት። ከባቲ በኩል የገበያው ጫጫታ ብቻ ተሰማ፣ ከዚያ የአስያ ድምፅ መጣ።

«ወላሂ እኔ ለብቻዬ መስሎኝ። ሁሉንም የመጀመሪያውን ነካሁት። የመጀመሪያ ነገር አይጎዳም ብዬ።»

አዲስ ፋይል ለመላክ ጊዜ የለም። ፈይሩዝ የይለፍ ቃሉን በስልክ ነገረቻት፤ እስከዚያ ቀን ለማንም፣ ለአቶ ሳምሶን እንኳ፣ አልሰጠችውም ነበር። የተደበቀውን ገጽ እንዴት እንደምትከፍት ደረጃ በደረጃ መራቻት። አስያ ከሳጥኖቹ ጎን ቁጥሮቹን አየቻቸው፤ ቁጥር በየትም ማሽን ላይ ቁጥር ነው። በየቁጥሩ ፊት ስሙን እንድትጽፍ አሥራ አራቱን አንድ በአንድ አነበበችላት። የስሙ አጻጻፍ ከሮቢቱ ትንሽ ቢለያይም ግድ የለም፤ ድምሩ የሚሠራው በኮዱ ነው። ስልኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ሦስቱንም ጊዜ ፈይሩዝ ከየት እንደቆሙ ረስታ ከመጀመሪያው ልትጀምር ስትል፣ አስያ ረጋ ብላ ስምንተኛው ላይ ነን፣ አሥረኛው ላይ ነን ትላት ነበር። የባቲው ፋይል ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፈይሩዝ የሮቢቱን በፍላሽ ይዛ ከሚሴ እንደተመለሰች፣ በኢሜይል ገባ። ዘጠኝ ሺሁ ባለ ሰባት ብር ሠራተኞች ክትባት ሆኑ።

አሁን የቀረው የተላከውን ማስመለስ ነበር። አቶ ሳምሶን ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ የበጀት ክፍሉን ሰው ሲያገኘው ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሰውየው ፋይሉን እንዳየው፣ ኮዶቹ ሁሉ የሚታወቁ እንደሆኑ፣ ድምሩም እንደሚገጥም ተናገረ። አቶ ሳምሶን አሥራ ሁለት ሺህ አዳራሽ የሚለውን አላያችሁትም ወይ አለው። ሰውየው ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ። አዎ አለ፤ ሥልጠና ታበዛላችሁ ብለን ነበር።

ከዚያ ደንቡን ነገራቸው። ስህተቱን የሠራው የጣቢያ ሠራተኛ ከሆነ የጣቢያው በጀት ይለይና እስኪጣራ ይታገዳል፤ ማጣራቱ ከሐምሌ ወዲያ ሊሄድ ይችላል። ስህተቱ የፎርማቱ ከሆነ ሙሉው ሰነድ በአዲስ ይተካል፤ ማብራሪያ ግን ያሻዋል፣ ፎርማቱን ያዘጋጀው ሰው ስም ከነፊርማው።

ስልኩ ሲዘጋ አቶ ሳምሶን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «የጣቢያ ሠራተኞች የአሞላል ጉድለት ብንለው» አለ።

«ክትባቱ ይታገዳል።»

«የሚታገደው የሁለት ጣቢያ ነው። ሌላው ይተርፋል።» ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁለት ልጅ የሚያስተምር፣ ንጹህ በሚለው ቃል አንድ ቀን ብቻ የተደሰተ ሰው ነው። «ይኼን ጽፈሽ ስትፈርሚ ሰኔንም አስቢው። ኮንትራትሽን የሚያየው ያው ክፍል ነው።»

አሰበችው። ሰኔን አሰበች፣ የእናቷን መድኃኒት፣ የቤት ኪራዩን። በደብዳቤ ላይ «የአሞላል ጉድለት» የሚለው ሐረግ እንዴት ጥሩ ሆኖ እንደሚቀመጥ ታውቃለች፤ እንዲህ ዓይነት ሐረግ ማንንም አያደማም። ከዚያ አርባ አንድ መስመር ሳጥን ላይ ያረፈውን ማኅተም አሰበች።

ደብዳቤው አራት መስመር ሆነ። ፎርማቱን የሠራችው እሷ ናት። የመደቦቹን ስም በሁለቱ ጣቢያዎች ኮምፒውተሮች ላይ በማይታይ ፊደል ጽፋለች። በጣቢያዎቹ ሳትሞክር አሰራጭታለች። የኮድ ወረቀቱን ሰብስባለች። ፈርማ ለአቶ ሳምሶን ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ከሥሩ «ከሸኚ ጋር ይላክ» ብሎ ፈረመበት፤ እጁ ግን ወረቀቱን ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየ።

ዓርብ ጠዋት መልስ አልመጣም። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራት ሰዓት አለፈ። ፈይሩዝ ኢሜይሉን በየሁለት ደቂቃው እያደሰች ተቀመጠች። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ለጁምዓ ሲሞከር ሰማች፤ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት። አምስት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። የበጀት ክፍሉ ሰውዬ ነው።

ተክተነዋል አለ። የሮቢት 320 ሰማንያ አራት ሺህ፣ የባቲ ስልሳ ሦስት ሺህ፣ ገብቷል። የእሷ ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ እንደሚቀመጥም ነገራት፤ ያ ምን ማለት እንደሆነ አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችውም። ልታመሰግነው ስትል ሰውየው ቀጠለ።

«ብቻ የመጀመሪያው በጣም ንጹህ ስለነበረ፣ ባዶውን ፎርማት ረቡዕ ማታ ለሌሎቹ ቅርንጫፎች አሰራጭተነዋል። ሰባቱም ቅርንጫፍ አሁን እሱን ነው የሚሞሉት።»

«የትኛውን?»

«ያንቺን። በአማርኛ ያደረግሽውን።» ለእነሱ ቀነ ገደቡ እስከ ሰኞ መራዘሙንም ጨመረ፤ ደህና ዋይ ብሎ ዘጋ።

አቶ ሳምሶን በሩ ላይ ቆሞ ፊቷን እያነበበ ነበር። ገባ ወይ አላት። ገባ አለችው። ለጋሽ እንድሪስ ይደውልለት ዘንድ ለመነችው፤ ይህን ወሬ ከአለቃ ቢሰማው ደስ ይለዋል። እሷ የቅርንጫፎቹን የስልክ ዝርዝር አውጥታ ከላይ ጀመረች።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሂሳብ ሠራተኛ ፎርማቱ ደርሶን እየሞላን ነው አለ። ዝርዝሩ ይታያችኋል ወይ ብትለው፣ በደንብ ነዋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጅግ ጥሩ ሥራ ነው አላት። ሁለተኛዋ ሴት ምንም ችግር የለም አለች፤ ድምፅዋ ግን የጋሽ እንድሪስን የረቡዕ ዕለት ድምፅ ይመስል ነበር። ፈይሩዝ ስልኩን ዘግታ ለጥቂት ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሦስተኛውን ቁጥር ደወለች። ያነሳው ሸምገል ያለ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ስሟን ነገረችው፣ ጤናውን ጠየቀችው፣ የቤተሰቡን ጤና ጠየቀችው። ይታይዎታል ወይ አላለችውም።

«ቀስቷን ይጫኑና ሦስተኛውን መስመር ያንብቡልኝ» አለችው።

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ።

«እስቲ መነጽሬን ላምጣ» አለ ሰውየው።